ከዲፌንስ በኋላ ለተሰጡኝ አስተያየቶች የቀረበ ምላሽ

ሰኔ 20 ቀን 2017
ለፈተና ቦርዱ አባላት
ስድስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተስተካከለውን የማስተርስ ጽሑፌን ስለማስገባት

የተከበራችሁ ፈታኞቼ፣

ጽሑፌን ገጽ በገጽ አንብባችሁ እንደመጣችሁ በዲፌንሱ ዕለት አይቻለሁ። ከልብ አመሰግናለሁ። ሜክሲኮ ላይ ከቀላል ባቡር ወርደው ታክሲ ስለሚይዙ ሰዎች የሠራሁትን ጥናት አስተካክዬ አያይዣለሁ። አዲስ የገባው በቢጫ ተቀልሟል። የገጽ ቁጥሮቹ የአዲሱ ቅጂ ናቸው። ከአምስቱ አስተያየቶች አራቱን ሙሉ በሙሉ፣ አንዱን በከፊል ተቀብያለሁ። አማካሪዬም አይተው ተስማምተውበታል።

ከአክብሮት ጋር
ትዕግሥት

የውጭ ፈታኝ

1. «ናሙናው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም።»
ትክክል ነው። ደረጃው ሥር ቆሜ ፈቃደኛ የሆነውን ነው የጠየቅኩት። የቸኮለ ሰው አልቆመልኝም። ስለዚህ 120ዎቹ መልስ ሰጪዎች እዚያ የሚወርደውን ሕዝብ አይወክሉም። ገጽ 31 ላይ «በተገኙበት የተመረጡ» ብዬ አርሜያለሁ። «የአዲስ አበባ ተሳፋሪዎች» ያልኩትም በየቦታው «የተጠየቁት ተሳፋሪዎች» ሆኗል።

2. «መረጃው የተሰበሰበው በክረምት ብቻ ነው።»
ብዙ ያሰብኩበት አስተያየት ይሄ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ተማሪው የለም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሰው ታክሲ ቢመጣም ከተጠለለበት አይወጣም። እኔ ያንንም «ታክሲ የተጠበቀበት ጊዜ» ብዬ ቆጥሬው ነበር። የመስክ ማስታወሻዬን መልሼ አየሁ። ዝናብ የጣለባቸውን ቀናት ለየሁ። ሠንጠረዥ 6ንም ለሁለት ከፈልኩት (ገጽ 44)። በበጋ ምን እንደሚሆን ግን መረጃዬ አይናገርም፤ ይህንን ገጽ 58 ላይ በግልጽ ጽፌያለሁ።

3. «ባቡሩ የታክሲ ጥበቃውን አራዝሞታል ለማለት ማስረጃ የለም።»
ከባቡሩ በፊት የነበረውን አልለካሁም። ዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል (ገጽ 52)።

የውስጥ ፈታኝ

4. «ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሥራ አልጀመሩም።»
ታርሟል (ገጽ 9)። ሰሜን–ደቡቡ በመስከረም 2008 ነው፤ ምሥራቅ–ምዕራቡ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም በሜክሲኮ ስለሚያልፉ ልዩነቱ ለጥናቱ ቀላል አይደለም። ተቀላቅለው የነበሩ ዓመቶችም ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆነዋል።

5. «የተራ አስከባሪዎቹ ቃለ መጠይቅ ይውጣ።»
አራት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ከውጤት ሠንጠረዡ አውጥቻቸዋለሁ። ቃላቸውን ግን በማብራሪያው ክፍል አቆይቼዋለሁ (ገጽ 49)። ተሳፋሪው የሚያውቀው መጠበቁን ነው። ታክሲው ለምን እንደቀረ፣ ሾፌሩ የት ጋ መስመር ቆርጦ እንደሚጭን የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ነው። እሱ ከወጣ የጥበቃው ርዝመት ይቀርና ምክንያቱ ይጠፋል። ቦርዱ በዚህ ካልተስማማ ወደ አባሪ አዛውረዋለሁ።