የደም ቅባት ውጤትዎና የቤትዎ የምግብ ዕቅድ

ጋሼ፣ ይህን ወረቀት ለእርስዎም ለባለቤትዎም ነው የጻፍኩት። ወጡን የሚሠሩት እሳቸው ናቸውና ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት።

ዕድሜ 54፣ ክብደት 84 ኪሎ፣ ቁመት 1 ሜትር ከ70። ሥራ ሰኞ ገበያ ሱቅ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ። 12 ሰዓት ጾመው የሰጡት ደም ውጤት (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ይኸው፦

ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248
መጥፎው፣ ኤልዲኤል 157 (ከ100 በታች ብናወርደው እንወዳለን)
ጥሩው፣ ኤችዲኤል 38 (ለወንድ ከ40 በላይ)
ትራይግሊሰራይድ 265 (ከ150 በታች)
የጾም ስኳር 108፣ ትንሽ ከፍ ብሏል

ባለፈው «ሥጋ እኮ ትቻለሁ፣ ታዲያ ከየት መጣ?» ብለውኛል። ልክ ነዎት፤ የነገሩኝን ስደምረው ሥጋ በሳምንት አንዴ ነው የበሉት። ጉዳዩ ያለው ብርጭቆውና ዘይቱ ላይ ነው።

ከስኳሩ እንጀምር። ሻይ በቀን 3 ጊዜ፣ በየብርጭቆው 3 ማንኪያ። ቡና 3 ስኒ፣ በየስኒው 1 ማንኪያ። ከሰዓት ጫት ላይ 2 ጠርሙስ ለስላሳ፤ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ድምሩ 28 ማንኪያ ነው። ሳህን ላይ ቆልለን ብናቀርብልዎ አይነኩትም ነበር። ጉበት የተረፈውን ስኳር ስብ አድርጎ ወደ ደም ይለቀዋል፤ ትራይግሊሰራይድዎ 265 የደረሰበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

ጫቱን ቢተዉ ደስ ይለኛል፤ ዛሬውኑ ይተዉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ለስላሳውን ግን ዛሬ ይተዉ። በምትኩ ውሃ፣ ወይ ስኳር የሌለው የዝንጅብል ሻይ። የቀረውን ሻይዎን ለ2 ሳምንት በ1 ማንኪያ፣ ከዚያ ያለ ስኳር። ምርቃናው ሲበርድ ማታ 5 ሰዓት ላይ ተነስቶ 2 እንጀራ መብላትም ይቅር፤ እራት ከ2 ሰዓት ሳያልፍ።

ዘይቱ ደግሞ የኤልዲኤሉ ጉዳይ ነው። ቤት ያለው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው፤ ሽሮው ላይ ቅቤ ይጨመራል። ከሁለቱ በቀን 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይደርስዎታል። በአንዱ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ የረጋ ስብ አለ፤ ስለዚህ 21 ግራም ገደማ ማለት ነው። ለእርስዎ በቀን ከ14 እንዳይበልጥ ነው ያሰብኩት፤ ሥጋውና ወተቱም የሚቆጠረው እዚሁ ውስጥ ነው።

እትዬ፣ ይቺ ለእርስዎ ናት። የኑግ ወይ የሱፍ ፈሳሽ ዘይት ይግዙ። ለአምስታችሁ ለሙሉ ቀን አንድ የቡና ስኒ ይለኩና ጀሪካኑን ከምድጃው ያርቁት። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በውሃ ያቁላሉት፣ ዘይቱ በኋላ ይግባ። ቅቤ የጁምዓ ምሳ ላይ ብቻ፣ ለእሳቸው 1 የሻይ ማንኪያ።

ቁርስ፦ በሶ በውሃ ወይም የገብስ ገንፎ፣ ያለ ቅቤ፣ የተፈጨ ተልባ 1 ማንኪያ ተጨምሮበት። ገብስ ኤልዲኤልን የሚያወርድ የሚሟሟ አሰር አለው፤ በዚህ ወሎ ዕድለኛ ነው። ብስኩቱ ይቅር።
ምሳ፦ 1 እንጀራ ተኩል፣ እስካሁን 3 ነበር። ምስር፣ ሽሮ ወይም ክክ፣ ከጎኑ ብዙ ጎመንና ሰላጣ።
መክሰስ፦ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወይም ጨው የሌለው ኦቾሎኒ።
እራት፦ 1 እንጀራ ከባቄላ ወይም ከአትክልት ጋር።

እንቁላል በሳምንት እስከ 4፣ አይፍሩት። የሐይቅ ዓሣ ሲያገኙ በሰባው ሥጋ ፋንታ ይብሉት፣ ግን ዘይት ውስጥ ጠልቆ የተጠበሰው አይሁን። ረመዳን ላይ ሳምቡሳው 1፣ ቴምሩ 3፣ ከዚያ ሾርባ።

በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ይራመዱ። ሱቅ ሲዘጉ ባጃጁን ይለፉት፤ የደሴ ዳገት ጂም ነው። በ3 ወር 4 ኪሎ ከቀነሱ ይበቃኛል።

መድኃኒት ይጀመር አይጀመር የሚወስነው ሐኪምዎ ነው፤ ካዘዘልዎት «ምግቤን አስተካክያለሁ» ብለው አይተዉት። የታይሮይድ ምርመራም ጠይቄያለሁ፤ እሱ ከተዛባ ምግብ ብቻውን አይመልሰውም። ድንገት ከባድ የሆድ ህመም ከትውከት ጋር ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ከ12 ሳምንት በኋላ 12 ሰዓት ጾመው (ውሃ ይቻላል) ደም ይሰጣሉ። መጀመሪያ የምትወርደው ትራይግሊሰራይድ ናት፤ ኤልዲኤል ዘገምተኛ ስለሆነ በእሱ ተስፋ አይቁረጡ። ሲመጡ የዘይቱን ጀሪካን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንስተው ይዘው ይምጡ።