ለጋሽ ሙሉጌታ፣ ከመላው ቤተሰብ

ውድ ጋሽ ሙሉጌታ፣

ነገ ወደ ደብረ ብርሃን ሲነሱ ቤቱ በሰው ይሞላል፣ እኔንም እንባ ይቀድመኛል። ስለዚህ የሆዴን በጽሑፍ ላድርገው ብዬ ነው። ልጆቹም አባታቸውም አንብበው «የእኛም ቃል ነው» ብለዋል።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቼን ለእርስዎ ሰጥቼ ቢሮ ስገባ ልቤ ሰግቶ አያውቅም። ለአንዲት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም ልጆች ያሳደጉ ነዎትና ያውቁታል። ነዳጅ ሲጠፋ በሌሊት ተነስተው ይሰለፉ ነበር፤ ልጆቹ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ሞልተው በር ላይ ይደርሳሉ። በ2016 ፒያሳ ፈርሶ መንገዱ ሁሉ ሲቀያየርም ስድስት ኪሎ አርፍደው ደረሱ የሚል ወቀሳ ከትምህርት ቤት አልመጣብንም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ለእናቴ ያደረጉትን ነው። ጉልበቷ ሲደክም መኪናው ከፍ አለባት። ማንም ሳያዝዎት ዱካ ገዝተው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀመጡ። አራዳ ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ፣ ዱካዋን ከበሩ ሥር ያደርጋሉ፣ በመዳፍዎ ጫን ጫን አድርገው እንደማትነቃነቅ ያያሉ። የነጠላዋን ጫፍ በር እንዳይዘው ሰብስበው ያስይዟታል። ከዚያ በኋላ ነበር «እማማ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ» የሚሏት። እሷም እስክታርፍ ድረስ «ሙሉጌታ የወለድኩት ልጅ ነው» ትል ነበር። ለቅሶውንም ድንኳን ውስጥ ከእኛ እኩል ተቀምጠው ተቀበሉ። ውለታዎን በምን እንደምመልሰው አላውቅም፤ እግዚአብሔር ይክፈልልኝ።

ዮናታንን መሪ ያስጨበጡትም እርስዎ ነዎት። አሁን መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ ለብቻው ሲነዳ፣ ዜብራ ላይ ሽማግሌ ካየ ጥሩምባ ሳይነፋ ቆሞ ያሳልፋል። «ጋሽ ሙሉ ይቆጡኛል» ነው የሚለው። እኔ ብመክረው ኖሮ እንዲህ የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድዎ በገንዘብ ታስቦ ከስንብት ክፍያዎ ጋር ባንክ ገብቷል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎም ከዚህ ጋር አለ፤ አርፋለሁ ቢሉም ለማንኛውም ይያዙት። ጋቢው ከልጆቹ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ሲሰሙ ሄደው ራሳቸው መርጠው የገዙት ስለሆነ፣ ሣጥን ውስጥ እንዳያስቀምጡት አደራ።

ለወይዘሮ አስካለና ለልጆቹ ሰላምታችንን ያድርሱልን። የጉልበትዎን ሕክምና እንዳያቋርጡ፤ ለክትትል አዲስ አበባ ሲመጡ ማረፊያ ፍለጋ እንዳይንከራተቱ፣ ክፍልዎ እንዳለ ነው። ለጥምቀትም ጃንሜዳ አብረን እንድንወጣ ልጆቹ ከአሁኑ ቀጠሮ ይዘውብዎታል። እንደደረሱ ይደውሉልን።

አክባሪዎ፣
ሰብለ፣ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር
አራት ኪሎ