የገምጋሚ አስተያየት፦ «አራቱ ቅኝቶች ከአንድ ምንጭ»

ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ

ውሳኔ፦ ከፍተኛ ማሻሻያ ተደርጎበት እንደገና ለግምገማ ይቅረብ።

ጽሑፉ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ መነሻ ድምፁን በማዟዟር ብቻ ከአንድ ቅኝት የወጡ ናቸው ይላል። ነገሩ በከፊል ያስኬዳል። ትዝታ ሜጀር (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ከላ ቢጀመር ባቲ ማይነር ይሆናል፤ ትዝታ ማይነር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ከሶል ቢጀመር አምባሰልን ይሰጣል። ይህ ግን ሁለት ምንጭ እንጂ አንድ አይደለም።

አንቺሆዬ (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ከሁለቱም አይወጣም። ርቀቱ በግማሽ ድምፅ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው። የትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3፤ የማይነሩ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4 ስለሆነ፣ የፈለገውን ያህል ቢዟዟር ሁለት 3 ጎን ለጎን አይገኝም። ጸሐፊው ችግሩን በሠንጠረዥ 2 ያለፉት ሶል ፍላቱን ሶል፣ ላውን ደግሞ ላ ፍላት አድርገው «በማስተካከል» ነው። እንዲህ ሲሆን የተተነተነው አምባሰል ራሱ ነው! የአንቺሆዬ መለያ ከመነሻው በላይ ንጹሕ አምስተኛ አለመኖሩ ሆኖ ሳለ፣ እሱኑ አጥፍቶ ዝምድና ማግኘት ማስረጃ አይሆንም። ባቲ ሜጀርም (4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1) ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም፤ ጽሑፉ ስለሱ ምንም አይልም።

ድምፆቹ በሚገጥሙበትም ቦታ ቢሆን፣ መመሳሰል መወለድን አያሳይም። የትኛው ድምፅ መነሻ እንደሆነ የሚነግረን ስንኙ የሚያርፍበትና ክራሩ ደጋግሞ የሚመለስበት ነው። ጸሐፊው የክራሩን ዝቅተኛ ክር መነሻ አድርገው ወስደዋል፤ የዜማው ማረፊያ ግን የግድ እሱ አይደለም። በየቅጂው የስንኝ ማረፊያዎች ተቆጥረው ይቅረቡ።

ልኬቱ ላይም ጥያቄ አለኝ። ከፒያሳና ከካዛንቺስ ዙሪያ ከተቀዱት 24 ቅጂዎች 15ቱ በኪቦርድ የታጀቡ ናቸው። እነዚህ የሚለኩት የኪቦርዱን ማስተካከያ ነው፤ ዘፋኙም ወደሱ ይጠጋል። ክራርና ማሲንቆ ብቻ ያለባቸው 9ኙ ለብቻቸው ይተንተኑ። የማሲንቆ ድምፅ በጣት ስለሚርገበገብ አማካይ ሳይሆን መካከለኛ ዋጋ ይወሰድ፤ የቀስቱ መነሻና ከ150 ሚሊሰከንድ ያጠሩ ድምፆች ይውጡ።

ሦስተኛው እርከን 392 ሴንት ስለሆነ «ተፈጥሯዊ» ነው የተባለው አይጸናም። ተፈጥሯዊው ሜጀር ሦስተኛ 386፣ የኪቦርዱ 400 ነው፤ የራሳቸው የልኬት ስሕተት ±10 ስለሆነ 392 ሁለቱንም ያቅፋል። ከካሴት የተወሰዱትን በተመለከተ፣ ፍጥነቱ በ6 በመቶ ቢዛነፍ ድምፁ ሁሉ በግማሽ ድምፅ ያህል ይሸሻል። ፍጥነቱ ወጥ ከሆነ በድምፆች መካከል ያለው ርቀት አይነካም፤ ስለዚህ የምዕራፍ 4 የመነሻ ከፍታ ንጽጽር ይሰረዝ፣ የርቀቶቹ ይቆይ።

የክራር አቃኘት መግለጫው ከጽሑፉ ምርጡ ክፍል ነው፤ አይነካ። ርዕሱ ግን «ትዝታ ማይነርና አምባሰል» ወደሚል ቢጠብ ማስረጃው ይበቃዋል።