የአንድ ገጽ ኅትመት ወጪ ስሌት፦ ቀለም፣ ቶነር ወይስ ማስሞላት?

ለግዢና ፋይናንስ ክፍል

በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ገጽ ጥቁር ጽሑፍ እናትማለን። ስሌቱ የተሠራው በዚህ መጠን ነው። የገጽ ብዛቱን የወሰድኩት ከፕሪንተሮቹ ቆጣሪ እንጂ ከቀለሙና ከቶነሩ ካርቶን ላይ አይደለም። ካርቶኑ የሚቆጥረው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ በቀለም የተሸፈነ ገጽ ነው፤ የእኛ ቅጾች ግን ሠንጠረዥ ይበዛባቸዋል። ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነርም ብዙ ጊዜ ሙሉ ስላልሆነ አላስገባሁትም።

ኦሪጅናል የቀለም ካርትሪጅ። ዋጋው 2,400 ብር ነው። ካርቶኑ 480 ገጽ ይላል፤ ፕሪንተሩ ቀለሙን የሚረጨውን ሄድ ሲያጸዳ ከሚጠጣው ቀለም ጋር 400 ገጽ ላይ ያልቃል። ገጹ 6.00 ብር፣ ዓመቱ 108,000 ብር።

ኦሪጅናል ቶነር። 5,400 ብር ለ2,000 ገጽ፣ ማለትም 2.70። ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው ድራም ለብቻው ስለሚገዛ (6,000 ብር ለ12,000 ገጽ) 0.50 ይጨመራል። ገጹ 3.20፣ ዓመቱ 57,600 ብር።

ቶነር ማስሞላት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዱቄቱ 900፣ ቺፑ 150 ብር፤ ለ1,500 ገጽ ሲካፈል 0.70 ብቻ ስለሚሆን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከአሥር ገጽ አንዱ መስመር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ እየወጣበት ይጣላል፤ ስለዚህ 18,000 ደህና ገጽ ለማግኘት 20,000 ማተም አለብን። ድራሙም በ9,000 ገጽ ያልቃል።

- ዱቄትና ቺፕ (20,000 × 0.70)፦ 14,000
- ድራም (20,000 ÷ 9,000 × 6,000)፦ 13,333
- የተበላሸ ወረቀት (2,000 × 1 ብር)፦ 2,000
- የፈሰሰ ዱቄት ማስጸጃና ጥገና፦ 4,000

ድምሩ 33,333 ብር፣ ገጹ 1.85። ይህ የ0.70 ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው፤ ያም ሆኖ ዓመቱ ከኦሪጅናል ቶነሩ በ24,267 ብር ይቀንሳል።

ባለ ታንክ ፕሪንተር። የለንም፤ መግዛት አለብን። ማሽኑ 36,000 ብር ነው፤ ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 12,000። በ3,600 ገጽ የሚያልቅ የ1,200 ብር የቀለም ጠርሙስ አምስት ያስፈልጋል፦ 6,000። ዓመቱ 18,000፣ ገጹ 1.00 ብር።

ታንኩ የሚያዋጣው ግን ኅትመቱ ሲበዛ ነው። በዓመት 6,000 ገጽ ብቻ ብናትም ገጹ 2.33 ይደርሳል፤ ማስሞላቱ ደግሞ የጽዳትና ጥገናው 4,000 ሳይቀንስ 2.30። በዚያ ላይ ሳይሠራ የከረመ የቀለም ፕሪንተር ሄዱ ይደፈናል፤ ቶነር ዱቄት ስለሆነ ቢከርምም አይደርቅም።

በጥሬ ገንዘብ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ለታንኩ 42,000፣ ለማስሞላት 33,333 ይጠይቃል። በሁለት ዓመት 48,000 ለ66,666 ይሆናል።

ስለዚህ ባለ ታንኩ ይገዛ እላለሁ። የቀለም ካርትሪጅ ግዢ ከአሁኑ ይቁም። ቶነር የሚጠቀመው ሌዘር ፕሪንተር አይሸጥ፤ የምስክር ወረቀትና ውል በኦሪጅናል ቶነር ይታተምበት። ለዚህ አንድ ቶነር ለዓመቱ ይበቃል፤ 5,400 ብር በበጀቱ ይያዝ።