ሎጂካል ፍሬምወርክ፦ በጎማ ወረዳ የጀንፈል ቡና ጥራት ማሻሻያ ፕሮጀክት

ይህ ማዕቀፍ ከሐምሌ 2018 እስከ ሰኔ 2020 ዓ.ም. በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ከ120 የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ጋር ለሚካሄደው ፕሮጀክት የቀረበ ሲሆን፣ የርክክብና የክፍያ መነሻ ቁጥሮቹ የተወሰዱት ከማኅበሩ የ2018 ምርት መዝገብ ነው።

ዋና ግብ፦ የአምራቾቹ ቤተሰቦች ከቡና የሚያገኙት ገቢ ያድጋል። አመላካቹ ማኅበሩ ለአንድ ኪሎ ጀንፈል የሚከፍለው ዋጋ በዚያው ሳምንት በአጋሮ ገበያ ከሚከፈለው የሚበልጥበት መጠን ነው፤ አሁን ልዩነት የለም፣ በፕሮጀክቱ ማብቂያ 15 በመቶ ይደርሳል። የተገኘውን ብር ብቻ ያልለካነው፣ የዓለም የቡና ዋጋ ሲወጣ ፕሮጀክቱ ያላመጣው ለውጥ በስሙ እንዳይመዘገብ ነው። ማረጋገጫው የማኅበሩ የክፍያ ደረሰኝና የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የዋጋ መዝገብ ነው።

ዓላማ፦ አባላቱ ደረጃውን የጠበቀ ጀንፈል ያስረክባሉ። በ2018 ካስረከቡት 410 ኩንታል ውስጥ ደረጃ 3 ወይም ከዚያ የተሻለ ደረጃ ያገኘው 41 ኩንታል ብቻ ነበር፤ በ2020 ምርት ከርክክቡ 60 በመቶው ይህን ደረጃ ያገኛል። ማረጋገጫው የቡና ጥራት ምርመራ ማዕከል የሚሰጠው የደረጃ ምስክር ወረቀት ነው።

ውፅዓት 1፦ እስከ መስከረም 30 ቀን 2019 ዓ.ም. 240 የማድረቂያ አልጋዎች፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሁለት፣ ተሠርተው ያልቃሉ። አንድ አልጋ 10 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ በካሬ ሜትር 15 ኪሎ እሸት ቡና ቢሰጣ ሁለቱ አልጋዎች በአንድ ዙር 300 ኪሎ፣ በለቀማው ወቅት በሦስት ዙር 900 ኪሎ ያደርቃሉ። ማረጋገጫው ባለቤቱና የቀበሌው የልማት ሠራተኛ የፈረሙበት የርክክብ ቅጽ ነው።

ውፅዓት 2፦ ቢያንስ 100 አባላት ቀዩን ብቻ ለቅመው፣ መሬት ሳያስነኩ ያደርቃሉ። ሥልጠና የተከታተሉ ሰዎችን ቁጥር በአመላካችነት አልያዝንም፤ የስም መቆጣጠሪያ ላይ የፈረመ ሰው በማግስቱ ቡናውን ደጃፉ ላይ ሊያሰጣ ይችላልና። በምትኩ በለቀማ ወቅት ድንገተኛ የአልጋ ጉብኝት ይደረጋል፤ ከየአልጋው በሚወሰድ ናሙና ከ100 ፍሬ አረንጓዴው ከ5 መብለጥ የለበትም፤ በርክክብ ጊዜም የእርጥበት መጠኑ ከ11.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ማረጋገጫው የጉብኝት ቅጹና የእርጥበት መለኪያው ንባብ የሚሰፍርበት የመጋዘን መዝገብ ነው።

ዋና ዋና ተግባራት፦ የሽቦ ወንፊትና የዝናብ መከላከያ ሸራ ግዥ፣ የአልጋ ሥራ፣ የማሳ ላይ ሥልጠና እና ሁለት የእርጥበት መለኪያዎች አቅርቦት ናቸው። የባሕር ዛፍ አጣናውን አባላቱ ራሳቸው ያቀርባሉ።

ታሳቢዎች፦ በኅዳር የሚጥለው ዝናብ ሸራው ሊከላከለው ከሚችለው አያልፍም። ከሁሉም የሚከብደው ግን ቡናውን ከማኅበሩ የሚገዛው ዩኒየን ለደረጃው ተገቢውን ዋጋ መክፈሉ ነው፤ ይህ ካልተሟላ አልጋው ቢሠራም ደረጃው ቢሻሻልም ገቢው አያድግም። ስለዚህ ጉዳዩን በታሳቢነት ብቻ አልተውነውም፤ በደረጃ የተለየ ዋጋን የሚደነግገው ውል ከዩኒየኑ ጋር ሳይፈረም የወንፊት ግዥው አይጀመርም።