ለሰላም፣ ስለ ሠርግሽ ጥሪ

ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሰላም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ቅዳሜ ቤታችን ድረስ መጥተሽ በእጅሽ የሰጠሽኝን የጥሪ ካርድ፣ በመርፌ ቁልፍ ከተያያዘችው የሚዜዎች ቀሚስ ጥለት ቁራጭ ጋር ራስጌዬ አስቀምጬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለዚህ ቀን በመብቃትሽ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ሚዜሽ እንድሆን መምረጥሽንም እንደ ትልቅ ክብር እቆጥረዋለሁ።

ይሁን እንጂ እሑድ ጥር 17 ሐዋሳ በሚደረገው ሠርግሽ ላይ መገኘት እንደማልችል እያዘንኩ ላሳውቅሽ ግድ ሆነብኝ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ካንቺ የምሸሽገው ነገር የለኝም። በመስከረም የወጣልኝ እቁብ በሙሉ ለአባቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና መዋሉን ታውቂያለሽ፤ ያልነገርኩሽ ግን ሁለተኛው ዓይኑም ለጥር መቀጠሩን ነው፤ እቁቡንም ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ለቀሚሱ 12,000 ብር፣ ለመንገድና ለሁለት ሌሊት ማደሪያ የሚያስፈልገውንም ጨምሬ ለማሟላት የግድ መበደር አለብኝ፤ ተበድሬ ብመጣ ደግሞ ጭንቀቴን ከፊቴ ላይ ታነቢዋለሽ፣ በዚያ ቀን ደግሞ አንቺ ስለ ማንም እንድትጨነቂ አልፈልግም።

«እኔ እሸፍንልሻለሁ» እንደምትዪ አውቃለሁ። እባክሽ አትበዪኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ሌሊት ከጎኔ ሳትለዪ ያደርሽው አንቺ ነሽና፣ የራስሽ ወጪ በተደራረበበት ወር ሌላ ሸክም ልሆንብሽ ሕሊናዬ አይፈቅድም።

ሳልዘገይ የጻፍኩልሽ ሰፊው ገና ልኬት ስላልወሰደ ነው፤ በእኔ ቦታ የአክስትሽን ልጅ ብትተኪ ጊዜው ይበቃል። መቅረቴን ሰው «ተኳርፈው ነው» ብሎ እንዳይተረጉመው፣ በተለይም እናትሽ እትዬ አልማዝ ቅር እንዳይላቸው፣ እኔው ራሴ በዚህ ሳምንት ደውዬ ሁሉንም አስረዳቸዋለሁ። ለሌሎቹ ሚዜዎች ግን «አባቷን እያሳከመች ነው» ብትያቸው ይበቃል፤ የገንዘቡ ነገር በእኛ መካከል ይቅር።

እስከዚያው በጉልበቴ የምችለውን ላድርግልሽ። ሽሮ ሜዳ ለእኔ ቅርብ ስለሆነ፣ ጨርቁን ለማምጣትም ሆነ ሰፊው ቀጠሮ እንዳያጓትት ለመከታተል ከሥራ በኋላ እመላለሳለሁ፤ በቀሩት ካርዶች ላይ የተጠሪዎችን ስም መጻፉንም ለእኔ ተዪው። ከሠርጉ መልስ አዲስ አበባ ስትገቡ ደግሞ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በአንዱ እሑድ አንቺና ባለቤትሽ እኛ ቤት ምሳ ትበላላችሁ፤ ድፎ ዳቦውንም ዶሮ ወጡንም የምሠራው እኔ ነኝ፣ አባቴም በዚያን ጊዜ አይቶ ይመርቃችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የጥለቷን ቁራጭ ለምትተካኝ ልጅ ስለምታስፈልግ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ካርዱን ግን አስቀርቼዋለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ሕይወት