የ1ኛ ተከሳሽ 2ኛ ምስክር ቃል፦ በየጭብጡ የተደራጀ ማጠቃለያ

ለ፦ ዋና ጠበቃ፣ ደሴ
ከ፦ ረዳት ጠበቃ
ጉዳዩ፦ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በኤፍኤስአር የጭነት መኪና የፈረሰው ሱቅ፣ የጉዳት ካሳ ክስ። ከሳሽ ደንበኛችን የሱቁ ባለቤት ናት፤ 1ኛ ተከሳሽ የመኪናው ባለቤት፣ 2ኛ ተከሳሽ መድን ሰጪው።
ምስክሩ፦ በአደጋው ዕለት ጋቢና ውስጥ የነበረው ረዳት።
ግልባጩ፦ 52 ገጽ፣ በየገጹ 25 መስመር። ዋና ጥያቄ 3–19፤ መስቀለኛ 20–46፤ ድጋሚ ጥያቄ 47–50፤ የችሎቱ ጥያቄ 51–52።

አጠቃቀስ፦ 41፥7–12 ማለት ገጽ 41፣ ከመስመር 7 እስከ 12 ነው። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው የምስክሩ ቃል እንዳለ ነው፤ ሌላው የእኔ ማሳጠሪያ ነው። «አስተያየት» ያልኩት የምስክሩ ቃል አይደለምና ወደ ክርክር ማመልከቻው እንዳይገባ።

ጋሼ፣ ከግልባጩ ብዙውን ገጽ የያዘው የፍሬን ጉዳይ ነው። እኔ ግን የሱቁን ቦታ አስቀድሜአለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት ባለመኪናው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ ቁጥር 2086 የሚተውለት መውጫ የተጎጂዋ ጥፋት ነው። «ዕቃዋን አስፋልት ላይ ደርድራ ነበር» የሚለው መከላከያ የቆመው በዚህ ሰው ቃል ላይ ነው።

1. ሱቁና ዕቃው ከአስፋልቱ የነበራቸው ርቀት

በዋና ጥያቄ፦ ጄሪካንና ድንች የያዘ ጆንያ «አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ነበር»፤ ሾፌሩ ዕቃውን ለመሸሽ ሲል መሪው እንዳመለጠው ተናግሯል። 16፥3–21

በመስቀለኛ፦ ዕቃውን መቼ እንዳየ ተጠየቀ። «ከመመታቱ በፊት አላየሁም። ወርጄ ስመለከት ተበትኖ ነው ያየሁት።» 41፥7–12

ፎቶግራፍ 3 ታይቶት የሱቁ በር ከውኃ መውረጃው ቦይ ወዲያ መሆኑን አምኗል። 42፥2–15። ከአስፋልቱ ጠርዝ እስከ በሩ «አምስት እርምጃ ቢሆን ነው»፤ በሜትር እንዲናገር ሲጠየቅ አልለካሁም ብሏል። 42፥16–43፥4

በድጋሚ ጥያቄ፦ በዚያ መንገድ ሲመላለስ ዕቃ አስፋልት ላይ ወጥቶ አይቶ ያውቃል። 48፥10–20

ችሎቱ፦ ያን ዕለት አይተሃል? «ያን ዕለት አላልኩም። በሌላ ቀን ነው።» 51፥6–14

አስተያየት፦ ምስክሩ ጠርዙ ላይ ዕቃ አልነበረም አላለም፤ አላየሁም ነው ያለው። ከዚህ አልፈን ብንጽፍ የተከሳሽ ጠበቃ 41፥7ን ከፍቶ ያነብብናል። በሌላ በኩል 16፥3–21 ያለ 41፥7–12 ብቻውን ከተጠቀሰ ችሎቱ ሁለቱን አንድ ላይ እንዲያነብ መጠየቅ ይገባናል። የ51፥6–14ን ጥያቄ ያነሣው ራሱ ችሎቱ መሆኑንም ልብ ይበሉ።

2. ፍሬን

ከጉዞው በፊት። መኪናው ወልድያ ላይ ተፈትሾ «ምንም ጉድለት አልነበረበትም»። 7፥11–18። በመስቀለኛ ግን ማን እንደፈተሸ አያውቅም፤ እርሱ ጭነት ሲያስሩ ላይ ነበር፤ ሾፌሩ ነው የነገረው። 24፥5–19። ስለዚህ 7፥11 የሰሚ ሰሚ ነው።

ውጫሌና ሐይቅ መካከል። የንፋስ ማሳያው ቀይ ውስጥ ሲገባ አይቶ ለሾፌሩ ነግሮታል። 27፥2–14። የሾፌሩ መልስ፦ «አብሽር፣ ይይዛል።» 27፥15–16። ደሴ ሲደርሱ ጋራዥ እንግባ ወይ ብሎ እንደጠየቀውና ሾፌሩ ኮምቦልቻ ይታያል እንዳለው 28፥1–9 ላይ አለ። በዋና ጥያቄ ከወልድያ እስከ አደጋው ስለ መኪናው የተነጋገሩት ነገር አለመኖሩን ተናግሮ ነበር። 10፥20–24

ቁልቁለቱ ላይ። ሾፌሩ ሐረጎን ሲጀምር በከባድ ማርሽ እንደወረደ በዋና ጥያቄ። 12፥6–13። በመስቀለኛ ማርሹ ዜሮ ላይ እንደነበረ፣ «ነዳጅ ለመቆጠብ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለ። 30፥3–17። ቀጥሎ የሸራ ሽታ ሸትቶታል፤ ጭስ ግን አላየም። 31፥1–8

አስተያየት፦ ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። ማርሹ ከወጣ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ አይዝም፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ሸራው ይግላል። ይህን ግን ረዳቱ አላስረዳም፣ ሊያስረዳም የሚችል ባለሙያ አይደለም። ከመካኒክ ባለሙያ ቃል ጋር አጣምረን ብቻ እንጠቀምበት።

3. እንቅልፍና ፍጥነት

ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንደነበረ ዋና ጥያቄ ላይ በእርግጠኝነት ተናግሯል። 13፥9–12። በመስቀለኛ ከደሴ እንደወጡ «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር»፤ የነቃው በሸራው ሽታ ነው። 34፥4–18። ፍጥነት ማሳያውን አይቶ እንደሆነ ሲጠየቅ ዝም ብሎ ቆይቶ «በግምት ነው» አለ። 35፥1–6። ዝምታው በግልባጩ ተመዝግቧል (35፥2)።

አስተያየት፦ ይህ በእኛም ላይ ይዞራል። ተኝቶ የነበረ ሰው ማርሹ መቼ ዜሮ እንደሆነ እንዴት አወቀ? 30፥3–17 ስለ ልማዱ ነው ወይስ ስለዚያ ዕለት፣ ከግልባጩ በግልጽ አይለይም። የተከሳሽ ጠበቃ አልጠየቀውም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

4. ጭነት

ከወልድያ 75 ኩንታል ማሽላ። 6፥2–8። ውጫሌ ላይ 22 ኩንታል ተጨምሯል። 25፥10–21። ጭማሪው በጭነት ሰነዱ ላይ አልሰፈረም፣ ምስክሩም አልፈረመበትም። 26፥1–5

5. የአየር ሁኔታና መንገዱ

ጠዋት፣ ጉም አለ፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው። 11፥1–9፤ 36፥12–14። ሁለቱም ወገን አይከራከሩበትም።

6. ከአደጋው በኋላ የተባለ

ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ ለተሰበሰበው ሕዝብ «ንፋሱ አልያዘልኝም» ሲል ምስክሩ ሰምቷል። 38፥5–13። በድጋሚ ጥያቄ ይህን ያለው ሾፌሩ ይሁን ሌላ ሰው እርግጠኛ አይደለሁም አለ። 49፥3–9። ሁለቱን ሳንነጣጥል እንጥቀስ።

7. ልንጠቅሳቸው የማይገቡ መስመሮች

9፥14–20፦ መሪ ጥያቄ ነው ብለን የተቃወምነውና ችሎቱ ውድቅ ያደረገው።

33፥8–11፦ ግልባጩ «አይሰማም» ይላል። ከዚያ በፊት የተጠየቀው ባለመኪናው ስለ ፍሬኑ ቀድሞ ተነግሮት እንደሆነ ነው (33፥5–7)፤ ስለዚህ መልሱ ለእኛ ትልቅ ነው። ከቀጠሮው በፊት ድምፁን ሬጅስትራር ዘንድ ለማዳመጥ ማመልከቻ አዘጋጅቼ ከዚህ ጋር አያይዤአለሁ፤ ፊርማዎ ብቻ ነው የቀረው።

44፥17፦ «በግራ» የሚለው ቃሉ ሲነበብለት ምስክሩ ራሱ «በቀኝ» ብሎ አርሞታል፤ እርማቱ 52፥19–22 ላይ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሱቁ በቀኝ ስለሆነ እርማቱ ከፎቶግራፍ 3 ጋር ይስማማል።